ገበሬው የሚሰማው የትኛውን ጥያቄ ነው?

«በደብረ ብርሃን የምማር የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ጥናቴ በባሶና ወራና ወረዳ የሚኖሩ 384 ገበሬዎችን የገብስ ምርትና የማዳበሪያ አጠቃቀም ይመለከታል። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ 62 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አዘጋጅቻለሁ። አማካሪዬ መጀመሪያ ፓይለት ሥራ፣ አልፋውም ከ0.7 በላይ መሆኑን አሳየኝ ብለውኛል። በስንት ሰው ላይ ልሞክር? ምኑንስ ልይበት? የሙከራውን መረጃ ከዋናው ጋር ብደምረውስ?»

ወደ አልፋው፣ ማለትም አንድን አመለካከት የሚለኩ ዓረፍተ ነገሮች መልሶቻቸው ምን ያህል አብረው እንደሚሄዱ ወደሚያሳየው ቁጥር፣ በኋላ እመለሳለሁ፤ ከእርሱ የሚቀድም ጉዳይ አለና። ፓይለት ወይም የሙከራ ጥናት በመጀመሪያ የሚመረምረው እርስዎ የጻፉት ጥያቄና ገበሬው የሰማው ጥያቄ አንድ መሆናቸውን ነው። በሰሜን ሸዋ ደጋ ወረዳዎች መረጃ ሰብሳቢዎችን እየመራሁ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ተጠያቂው ሊዋሽ ፈልጎ ከተበላሸብኝ መረጃ ይልቅ ሌላ ጥያቄ ሰምቶ በቅንነት የመለሰው ያበላሸብኝ በብዙ ይበልጣል። እንዲህ ያለው ስህተት ደግሞ ቅጹ ላይ አይታይም፤ ቁጥሩ ተሞልቷል፣ መጠኑም የሚታመን ይመስላል።

የገብስ ምርትን የሚጠይቁት፣ እንደ ብዙዎቹ የተተረጎሙ መጠይቆች፣ «ምን ያህል መሬት አለዎት?» እና «ዘንድሮ ምን ያህል ገብስ አገኙ?» በሚሉ ሁለት ጥያቄዎች ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። በአንድ ሙከራ ላይ በአንጎለላና ጠራ አንድ አባወራ ለመጀመሪያው «5 ጥማድ»፣ ለሁለተኛው «12 ኩንታል» ብለው መለሱልን። ጥማድን እንደ ሩብ ሄክታር ቆጥረን ስናካፍለው 9.6 ኩንታል በሄክታር መጣ። ከዚያ ግን ማሳ በማሳ እንዲያስረዱን ጠየቅናቸው። ከራሳቸው 5 ጥማድ ገብስ የዘሩት በ2ቱ ላይ ብቻ ነበር፤ 2ቱ ባቄላ፣ 1ዱ ደግሞ የሣር መሬት ነው። ከዚህ ሌላ አቅመ ደካማ ከሆኑ ጎረቤት በእኩል የያዙት 2 ጥማድ ነበራቸው፤ እርሱን ግን «አለኝ» ብለው አልቆጠሩትም፣ መሬቱ የእርሳቸው አይደለምና። ከራሳቸው 2 ጥማድ 8 ኩንታል፣ ከእኩሉም 8 ኩንታል ተወቅቷል፤ ከእኩሉ ግን ለእርሳቸው የደረሳቸው 4 ስለሆነ «ያገኙት» 12 ነው። በእውነቱ ገብስ የተዘራው በ4 ጥማድ፣ ማለትም በ1 ሄክታር ላይ ሲሆን ምርቱ 16 ኩንታል ነበር። ገበሬው ለሁለቱም ጥያቄዎች ትክክለኛ መልስ ሰጥተዋል፤ 9.6 እና 16ን ያራራቃቸው «አለዎት» እና «አገኙ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ በዘመኑ የታረሱትን ማሳዎች፣ የራስ፣ የእኩል፣ የሲሶም ሆነ የኮንትራት ሳይባል፣ አንድ በአንድ ይዘርዝሩ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ማሳ ምን እንደተዘራበትና ድርሻ ከመከፈሉ በፊት አውድማው ላይ ምን ያህል እንደተሰፈረ ይጠይቁ።

በዚያው ጥያቄ ውስጥ «ዘንድሮ» የሚለውም ቃል መፈተሽ አለበት። በአካባቢያችሁ ደጋማ ቀበሌዎች በልግ የሚያመርትና መኸር ብቻ የሚያርስ ገበሬ ጎን ለጎን ይኖራሉ። «ባለፉት 12 ወራት» ብለው በየካቲት ቢጠይቁ፣ ባለፈው ክረምት መግቢያ የገባው የበልግ ገብስና በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደው የመኸር ገብስ ሁለቱም ይካተታሉ ብለው ያስባሉ። አንዱ ገበሬ ሁለቱን ይደምራል፣ ሌላው ጎተራው ውስጥ ያለውን የመኸሩን ብቻ ይነግርዎታል። ወቅቱን በስሙ ጠርተው ለየብቻ ይጠይቁ።

በማዳበሪያው ጥያቄ ላይ ያለው ወጥመድ ደግሞ ከቋንቋችን የመጣ ስለሆነ የእንግሊዝኛው መጠይቅ ሊያስጠነቅቅዎት አይችልም። በገጠርም በገበያም «ማዳበሪያ» ማለት መሬት ላይ የሚበተነው ብቻ ሳይሆን እህል የሚያዝበት ጆንያም ነው። ቀደም ሲል ሳንሞክር በገባንበት አንድ ሥራ «ስንት ማዳበሪያ ተጠቀሙ?» የሚለው ጥያቄ በአንዳንዱ ቤት በኪሎ፣ በአንዳንዱ ቤት በጆንያ ቁጥር ተመለሰ፤ ቅጹ ላይ መለኪያ የሚጻፍበት ቦታ ስላልነበረ «2» ተብሎ የተጻፈው 2 ኪሎ ይሁን 2 ባለ 50 ኪሎ ከረጢት መለየት አልቻልንም። የሁለት ሳምንት ሥራ ሊጣል ግድ ሆነ፤ እስከ ዛሬም የሚቆጨኝ ነው። በገብሱ በኩል እንዲሁ «ሦስት ማዳበሪያ ገብስ» የሚል መልስ ሲመጣ፣ በሙከራው ወቅት ሚዛን ይዘው ከአሥር ያላነሱ ጆንያዎችን ይመዝኑ፤ ሁሉም እኩል እንደማይሞሉ ያያሉ።

እነዚህን ነገሮች ለማግኘት ሙከራውን በሁለት ደረጃ ይሥሩት። በመጀመሪያው ደረጃ ከ6 እስከ 8 ሰዎችን፣ ከእነርሱም ሁለት ሦስት እማወራዎችን፣ ራስዎ ያነጋግሩ። ጥያቄውን እንደተጻፈው ያንብቡ፣ መልሱን ይቀበሉ፣ ከዚያም «ይህን ጥያቄ ለጎረቤትዎ እንዴት አድርገው ይጠይቁት ነበር?» እና «ይህን ቁጥር ሲነግሩኝ ምን ምን ቆጠሩ?» ብለው ይጠይቁ። የእኩሉ መሬት የተገለጠልን በዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። «ገብቶዎታል?» ብለው ግን አይጠይቁ፤ ሰው እንግዳውን ላለማሳፈር «አዎ» ይላል። 62ቱንም ጥያቄዎች እንዲህ መመርመር ተጠያቂውን ስለሚያሰለች፣ ውጤትዎ የተመሠረተባቸውን 15 ወይም 20 ይምረጡ።

መጠይቁን በዚያ መሠረት ካረሙ በኋላ ሁለተኛውን ደረጃ በ30 ያህል አባወራዎችና እማወራዎች ላይ፣ ለዋናው ሥራ በቀጠሯቸው መረጃ ሰብሳቢዎች ሁሉ፣ እንደ ዋናው አድርገው ያካሂዱት። ብዙ ተማሪዎች የናሙናውን 5 በመቶ ይወስዳሉ፤ በእርስዎ 19 ሰው መሆኑ ነው። እኔ 30 የምለው በዚህ ሒሳብ ነው፦ ከአሥር ሰው አንዱን የሚያደናግር ጥያቄ ካለ፣ በ10 ሰዎች ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመገለጡ ዕድል 65 በመቶ፣ በ19 ሰዎች 86 በመቶ፣ በ30 ሰዎች ደግሞ 96 በመቶ ነው። ቦታው ከናሙናዎ ውጭ የሆነ፣ ግን በልግም መኸርም የሚያርስ ተመሳሳይ ቀበሌ ይሁን። ከከተማው ጥግ ያለ ቀበሌ ለመሄድ ቢመችም፣ ከገበያና ከመንገድ የራቀውን ገበሬ አነጋገር አያሳይዎትም።

በየቃለ መጠይቁ ከመረጃ ሰብሳቢው ጎን ተቀምጠው ሁለት ነገር ብቻ ይመዝግቡ፤ ሰብሳቢው ጥያቄውን እንደተጻፈው አነበበው ወይስ በራሱ ቃል ቀየረው፣ ተጠያቂውስ «ምን አልከኝ?» ብሎ አስደገመ ወይስ ወዲያው መለሰ። ከ30 ቃለ መጠይቅ በ5ቱ ወይም ከዚያ በላይ የተቀየረ ወይም የተደገመ ጥያቄ እንደገና መጻፍ አለበት። ጎበዝ ሰብሳቢ መጥፎውን ጥያቄ በራሱ ቃል እያቃና ስለሚያልፈው ጉድለቱ ይሸፈናል፤ ሌላው ሰብሳቢ ግን በተለየ ቃል ያቃናዋል፣ ያን ጊዜ ሁለቱ በሠሩባቸው ቀበሌዎች መካከል የሚያዩት ልዩነት የገበሬዎቹ ይሁን የሰብሳቢዎቹ አይታወቅም። የእያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያና መጨረሻ ሰዓትም ይጻፍ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀ የመጨረሻዎቹን ገጾች መልሶች ከመጀመሪያዎቹ ጋር ያስተያዩ፤ «አላውቅም» እየበዛ ከሄደ መጠይቁን ማሳጠር ነው።

አሠራሩንም በዚያው ይፈትኑት። በወሩ በ12፣ በ21 እና በ27 ገበሬው ሥራ ስለማይወጣ በቤቱ ይገኛል፤ ሙከራውን በእነዚህ ቀናት ብቻ ከሠሩ በቀን የሚጠናቀቀው ቃለ መጠይቅ ብዙ ይመስልዎትና ለዋናው ሥራ የሚያወጡት የቀንና የአበል ዕቅድ ይሳሳታል። ስለዚህ ግማሹን በሥራ ቀን ያድርጉት። ቤት የሚያሳዩዎት የልማት ሠራተኛው ከሆኑ ደግሞ አድርሰው እንዲመለሱ በአክብሮት ይጠይቋቸው። እርሳቸው እያሉ «ዩሪያውን በተመከርኩት መጠን ተጠቅሜአለሁ» የማይል ገበሬ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ አልፋው ልምጣ። የክሮንባክ አልፋ የሚሠራው አንድን አመለካከት በብዙ ዓረፍተ ነገሮች ለሚለካ ክፍል፣ ለምሳሌ «በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» ለሚሉት፣ ብቻ ነው፤ ለማሳ፣ ለኩንታልና ለዕድሜ ትርጉም የለውም። በዚያ ክፍል ውስጥም ከፍ ያለ አልፋ ሁልጊዜ መልካም ምልክት አይደለም። አንዳንዱ ተጠያቂ ከእንግዳ ጋር ላለመከራከር ሁሉንም «እስማማለሁ» ሲል፣ ሌላው ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ሲል፣ ዓረፍተ ነገሮቹ አብረው ስለሚሄዱ አልፋው 0.9 ሊደርስ ይችላል፤ የለካው ግን ትሕትናን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፤ የእያንዳንዱን ሰው መልሶች በአግድም ይመልከቱ፣ አንድ ዓይነት ቁጥር ከዳር እስከ ዳር ከተደረደረ ያውቁታል። እንዲህ ከሆነ ጥያቄውን በሁለት ይክፈሉት፤ መጀመሪያ «ይስማማሉ ወይስ አይስማሙም?»፣ መልሱን ተከትሎ «በጣም ነው ወይስ በመጠኑ?» ይበሉ። «ማዳበሪያ አይጠቅምም» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ መመለስ ደግሞ ብዙውን ሰው ስለሚያምታታ፣ አፍራሽ ግሦችን ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ያውጡ። ለአማካሪዎ አልፋውን ሲያቀርቡ በ30 ሰው የተሰላ አልፋ በእጅጉ የሚዋዥቅ መሆኑን አብረው ይጻፉ፤ 0.68 ወጣ ተብሎ አንድን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ፣ 0.72 ወጣ ተብሎም መርካት አያስፈልግም።

የሙከራውን መረጃ ከዋናው ጋር አይደምሩ። ጥያቄዎቹ ስለሚቀየሩ ሁለቱ መረጃዎች አንድ ነገር አይለኩም፤ የሙከራው ቤተሰቦችም በዕጣ የወጡ የናሙናዎ አባላት አይደሉም። በጥናት ጽሑፉ የአሠራር ምዕራፍ ግን የትኛው ጥያቄ ከምን ወደ ምን እንደተቀየረና ለምን እንደተቀየረ በአንድ ገጽ ያስፍሩ። በሁለተኛው ደረጃና በዋናው ሥራ መካከል ቢያንስ አንድ ሳምንት ይተዉ፤ የተቀየሩትን ጥያቄዎች ብቻ ይዘው ወደ 5 ወይም 6 አዳዲስ ሰዎች ይሂዱ። የታረመ ጥያቄም አዲስ ስህተት ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ እኛ ራሳችን «አገኙ» የሚለውን በ«አመረቱ» ስንተካው፣ ከሦስት ገበሬዎች አንዱ ለዘር ያስቀመጡትን ቀንሰው ነገሩን፤ ጥያቄው «አውድማው ላይ ጠቅላላ የተሰፈረው» ተብሎ እስኪጻፍ ድረስም አልተስተካከለም።