ከዋክስ፣ ከክርና ከምላጭ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ዋክስ ስደረግ ከከንፈሬ በላይ ያለው ቆዳ ተላጠ። ቁስሉ እየደረቀ ነው፣ ቦታው ግን ጠቆረ። ጺም ያበቀልኩ ነው የሚመስለው።

መልስ፦ ማታ የምትቀቢው የብጉር ክሬም አለ?

ጠያቂዋ፦ አዳፓሊን፣ በየማታው። ለሠራችልኝ ልጅ ግን አልነገርኳትም።

መልስ፦ በጣም የምጠረጥረው እሱን ነው። አዳፓሊንና ትሬቲኖይን የቆዳን የላይኛውን ሽፋን በቀላሉ እንዲላጥ ያደርጉታል። ዋክሱ ሲነሳ ፀጉሩን ብቻ ሳይሆን ቆዳውንም ይዞ ይመጣል። የተቆጣ ቆዳ ደግሞ ቀለም ያበዛል፤ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ይብሳል። ቁስሉ ድኖ ቀለሙ የሚቀረው ለዚህ ነው።

አሁን ክሬሙን አቁሚና እስኪድን ቫዝሊን ብቻ ቀቢ። ቅርፊቱን አትንኪው። ሲድን በየጠዋቱ ሰንስክሪን ተቀቢ፣ ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ። ቡናማ ቀለም ያለው ይመረጣል፤ የሚያጠቁረንን የሚታይ ብርሃንም ይከላከላል። ቡናማ ምልክት አብዛኛውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይለቃል። ወደ ግራጫ ካደላ ግን ጥልቅ ነው፣ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል።

ሌላ ጊዜ ክሬሙን ከዋክሱ ቢያንስ ከሳምንት በፊት አቁሚ። አንዴ የተነሳበት ቦታ ላይም ዋክስ አይደገም፤ የቀረችው ፀጉር በወረንጦ ትነቀል። የአይሶትሬቲኖይን ኪኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ኪኒኑን ከጨረሰ በኋላ 6 ወር መጠበቅ አለበት።

ሌላ አንባቢ፦ ሎሚ እሺበት፣ እኔን አንጽቶኛል። ብቻ ፀሐይ እንዳያገኝሽ።

መልስ፦ የፀሐዩ ነገር ልክ ነው። ሎሚው ግን ይቅር፣ እባካችሁ። የተላጠ ቆዳን ያቃጥላል፤ ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ደግሞ ውኃ ቋጥሮ የባሰ ሊጠቁር ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ ወንድ ነኝ፣ ዋክስ አላውቅም። አገጬ ስር በተላጨሁ ቁጥር ጠቃጠቆ ይወጣብኛል። እኔም አዳፓሊን ላቁም?

መልስ፦ አይ ወንድሜ፣ ያንተ ሌላ ነው። በጣትህ ዳብሰው፤ ትንንሽ እብጠት ካለ ከርዳዳው ጺም ተመልሶ ቆዳህን እየወጋ ነው። እብጠቱ እስኪጠፋ ምላጩን ተወው። ከዚያ ከሥሩ ከመላጨት በማሽን ብትቆርጠው፣ ወደ 1 ሚሊ ሜትር ብታስቀርም፣ ይሻላል። ምላጭ ግድ ከሆነ ባለ አንድ ስለት ይሁን። በሙቅ ውኃ አለስልሰህ ጺሙ ወደበቀለበት አቅጣጫ ላጭ፣ ቆዳውን አትወጥረው። ስትወጥረው ፀጉሩ ከቆዳው በታች ይቆረጥና ውስጥ ለውስጥ ያድጋል።

ጥያቄ፦ ክር ቆዳ አይጎዳም ሲሉኝ ዋክስ ትቼ ወደ ክር ዞርኩ። አሁንም ከከንፈሬ በላይ ጥቁር ነው።

መልስ፦ ክርም አንድ ቦታ ላይ ከተመላለሰ ይፍቃል። ጥቁር ቆዳ ላይ መቅላቱ ላይታይ ይችላል፤ ማቃጠሉ እስከ ማግስቱ ከቆየ ግን ቆዳሽ ተቆጥቷል ማለት ነው። ያንቺ ያቃጥልሻል?

ጠያቂዋ፦ ምንም። ጥቁረቱ ግን ሁለቱም ጉንጮቼ ላይ አለ፣ እዚያ ክር ነክቶኝ አያውቅም።

መልስ፦ እንግዲያው ማድያትም ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አብረው ሊኖሩም ይችላሉ። ይህን በጽሑፍ ለመለየት አልደፍርም። የቆዳ ሐኪም ይየው፣ እስከዚያ ክሩንም አቁሚው።