ጥያቄና መልስ፦ ጥቅሱ የት ተከፍቶ የት ይዘጋል?

የእድር ጸሐፊ፣ ፍኖተ ሰላም፦ ቃለ ጉባኤ ላይ «ሊቀ መንበሩ ገንዘቡን አልሰጡኝም አሉ» ብዬ ብጽፍ አባላቱ ተጨቃጨቁበት። ጥፋቱ ምን ላይ ነው?

ዓረፍተ ነገሩ ለሁለት ፍች የተመቸ ነው። አማርኛ የሰውን ንግግር ሲያቀብል ተናጋሪው ስለ ራሱ ያለውን እንዳለ ስለሚተወው፣ «አልሰጡኝም» ላይ ያለችው «ኝ» የተናጋሪው እንጂ የጸሐፊው አይደለችም። ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግን «አሉ» ብቻውን አይነግረንም። ቅሬታ ያሰሙት ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ከሆኑ እንዲህ ይጻፋል፦

ሊቀ መንበሩ «ገንዘቡን አልሰጡኝም» አሉ።

የተከሰሱት እሳቸው ከሆኑ ጥቅሱ ቀደም ብሎ ይከፈታል፦

«ሊቀ መንበሩ ገንዘቡን አልሰጡኝም» አሉ።

ከሳሿ አንቺ የምትባል ብትሆን ኖሮ «አለች» የሚለው ግስ ጠቡን ያበርደው ነበር፤ ያወሳሰበው ሁለቱም ወገኖች አንቱ መባላቸው ነው። ደግሞም ቃለ ጉባኤ በጉባኤ ፊት ይነበባል፤ ምልክቱም በጆሮ አይሰማም። ስለዚህ «አንድ አባል» ብለው ተናጋሪውን ከፊት ቢያስቀድሙት ይሻላል፦

አንድ አባል «ሊቀ መንበሩ ገንዘቡን አልሰጡኝም» አሉ።

በ«እንደ» መጻፍም ይቻላል፦ አንድ አባል ሊቀ መንበሩ ገንዘቡን እንዳልሰጧቸው ተናገሩ። እዚህ ላይ «ኝ» ወደ «ኣቸው» ተለውጣለች፤ ቃሉ የጸሐፊው ሆኗልና ጥቅስ አይገባበትም። በዜና ጽሑፍ ውስጥ «እንደሚመጡ» የሚለውን በጥቅስ አጥረው «ተናገሩ» የሚሉ አሉ፤ ማንም ሰው ስለ ራሱ እንዲያ ብሎ አይናገርም።

ተማሪ፣ ደብረ ማርቆስ፦ «ነገ እመጣለሁ።» አለ ብዬ ስጽፍ መምህራችን አራት ነጥቡን ይሰርዙታል። ለምን?

ዓረፍተ ነገሩ ገና «አለ»ን ስለሚጠብቅ ነው፦ «ነገ እመጣለሁ» አለ። የጥያቄ ምልክት ግን የተናጋሪውን ድምፅ ስለሚይዝ ከውስጥ ይቀራል፦ «ነገ ትመጣለህ?» አለው። ጥቅሱ ብዙ ዓረፍተ ነገር ካለው የመካከሎቹ አራት ነጥቦች አይነኩም፣ የመጨረሻው ብቻ ይሰረዛል። የመጨረሻውንም የሚያትሙ አሉ፤ እኔ ግን መምህሩን እደግፋለሁ።

አንባቢ፣ ሞጣ፦ «ልሂድ ብሎ ተነሣ» ሲባል «ልሂድ» በጥቅስ ይገባል?

ሰውየው አፍ አውጥቶ ካልተናገረ አይገባም፤ «ብሎ» እዚህ አሳቡን እንጂ ንግግሩን አይነግረንም። «ቁጭ አለ»ና «ዝም አለ»ም እንደዚሁ ናቸው፤ «ዝም» በጥቅስ ቢገባ ሰውየው ሌላውን እንዳስጠነቀቀ ይመስላል። ሰውየው ፈቃድ ጠይቆ ከሆነ ግን «ልሂድ?» ብሎ ጠየቀ ተብሎ ይጻፋል። «ብሎ»ን ወይም «ሲል»ን መዝለል አይቻልም፤ «ጠየቀ»፣ «ተናገረ»ና «መለሰ» እንደ «አለ» ጥቅስን ብቻቸውን አይሸከሙም።