C የት ገባ? የሕዝብ ቁጥር እኩልነት በሁለቱም ጎን ኢንቴግሬት ሲደረግ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። dP/dt = kP የሚለውን ሠርቼ ln P = kt + C ላይ ደረስኩ። ከዚያ P = e^(kt) + C አልኩ። የ1987ቱን ቆጠራ 53.5 ሚሊዮን መነሻ አድርጌ፣ k = 0.0256 አስገብቼ የ1999ኙን ስፈልግ 53.9 ሚሊዮን መጣልኝ። ቆጠራው ግን 73.9 ሚሊዮን ነው የሚለው። የቱ ጋ ነው የተበላሸብኝ? ደግሞ አንዱን ጎን በP፣ ሌላውን በt ኢንቴግሬት ማድረግ እንዴት ይቻላል? ክፍል ውስጥ "dtን አሻግሩት" ተብሎ ታለፈ።»

መልስ፦ ln P = kt + C ድረስ ያለው ሥራሽ ልክ ነው። የተበላሸው ከዚያ ቀጥሎ ያለችው አንዲት መስመር ናት። ፈተና ሳርም በዚህ ርዕስ ላይ ከሁሉ በላይ የማገኛት ስህተት እሷው ስለሆነች፣ ረጋ ብለን እንያት።

ln ን ለማስወገድ ሁለቱንም ጎን የe ሃይል እናደርጋለን። ሃይል የሚሆነው ግን ቀኝ ጎን ያለው ሁሉ ነው፣ kt ብቻውን አይደለም፦

e^(ln P) = e^(kt + C)

C አብራ ወደ ላይ ወጣች። ሃይል ላይ ያለ መደመር ደግሞ ሲበተን ማባዛት ይሆናል፦

P = e^C · e^(kt)

e^C የማይለዋወጥ ቁጥር ነው። A ብለን እንጥራውና P = A·e^(kt) እንበል። t = 0 ሲሆን e^(kt) 1 ስለሚሆን፣ A ማለት መነሻው የሕዝብ ቁጥር ራሱ ነው፤ ባንቺ ጥያቄ 53.5 ሚሊዮን። አንቺ ጋ ግን C ከሃይሉ ወርዳ ተደማሪ ሆነች። አባዢ መሆን ነበረባት።

ይህ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ራስሽ የሠራሽው ቁጥር ያሳያል። ባንቺ እኩልነት t = 0 ላይ 1 + C = 53.5 ነው፤ ስለዚህ C = 52.5። ይህ 52.5 ሚሊዮን t ቢጨምርም ባይጨምርም ንቅንቅ አይልም። የሚያድገው e^(kt) ብቻ ነው፤ እሱም ከ1 ሚሊዮን ተነስቶ 1.38 ሚሊዮን ይደርሳል። 53.9 የመጣው ከዚህ ነው። ባንቺ እኩልነት ከ53.5 ሚሊዮኑ ሕዝብ የሚወልደው 1 ሚሊዮኑ ብቻ ነው፤ የቀረው 52.5 ሚሊዮን አይወልድም፣ አይሞትም።

ሌላም ምልክት አለ። ቁጥሩን በሚሊዮን መጻፍሽን ትተሽ በሰው ብትጽፊው፣ መነሻው 53,500,000 ይሆናል። ያው እኩልነትሽ ያን ጊዜ በአሥራ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የሕዝቡ ጭማሪ ግማሽ ሰው እንኳ እንደማይሞላ ይነግርሻል። አንድ አገር፣ አንድ ዘመን፣ ግን መቁጠሪያውን ስንቀይር ሁለት የተለያየ እድገት። እንዲህ ሲሆን ያላግባብ የተደመረ ቁጥር እንዳለ እወቂ። በ A·e^(kt) ላይ ግን መቁጠሪያው ቢለወጥ A ብቻ ይለወጣል፣ እድገቱ ያው ነው።

ፈተና ላይ ግን ቆጠራው አጠገብሽ አይኖርም። ስለዚህ መልስሽን መልሰሽ ወደ ጥያቄው አስገቢው። የ P = e^(kt) + C ዴሪቬቲቭ k·e^(kt) ነው። ጥያቄው ግን kP ነው የጠየቀሽ፤ እሱ ደግሞ k·e^(kt) + kC ነው። kC ተርፋለች፤ ስለዚህ C ዜሮ ካልሆነች በቀር እኩል አይሆኑም። A·e^(kt)ን ብትሞክሪ ግን ዴሪቬቲቩ k·A·e^(kt) ነው፣ እሱም kP ራሱ ነው። ይህ ማረጋገጫ ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።

አሁን በትክክለኛው እንሥራው። ከጥቅምት 1987 እስከ ግንቦት 1999 ድረስ 12 ዓመት ከ7 ወር ነው፤ 12.6 ዓመት ብለን እንያዘው።

P = 53.5 · e^(0.0256 × 12.6) = 53.5 × 1.381 ≈ 73.9

ልክ መጣ። ግን ይህ መግጠሙ ሞዴሉን ትክክል ነው አያሰኘውም። ያቺ 0.0256 መጀመሪያውኑ የተገኘችው ከእነዚሁ ከሁለቱ ቆጠራዎች ነው፦

k = ln(73.9 / 53.5) / 12.6 = 0.323 / 12.6 ≈ 0.0256

ሞዴሉን የሚፈትነው ያልተጠቀምንበት ሦስተኛ ቁጥር ነው። እሱን ወደ በኋላ አመጣዋለሁ።

መጀመሪያ ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። «dtን አሻግሩት» የሚባለው የአጻጻፍ አቋራጭ ነው። በትክክል የሚሆነው ይህ ነው። dP/dt = kP ካለን ሁለቱንም ጎን ለP እናካፍላለን፦

(1/P) · dP/dt = k

ግራውን ጎን በደንብ እዪው። በቼይን ሩል የln P ዴሪቬቲቭ በt ሲወሰድ የሚሰጠው ይህንኑ ነው። ስለዚህ እኩልነቱ «ln P በጊዜ የሚጨምርበት ፍጥነት k ነው» እያለ ነው። ፍጥነቱ የማይለወጥ ነገር ደግሞ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ነው። ln P = kt + C የሚለው መስመር ከዚህ መጣ።

እንግዲህ ሁለቱንም ጎን ኢንቴግሬት ያደረግነው በt ነው። አንዱን በP፣ ሌላውን በt አላደረግንም። ግራው ላይ (dP/dt)·dt የሚለውን አሳጥረን dP ብለን ስለምንጽፈው ነው በP የተሠራ የሚመስለው። ይህ በኢንቴግራል ትምህርት ላይ የተማርሽው ሰብስቲትዩሽን ራሱ ነው፤ አዲስ ሕግ አልተጨመረም። ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ኮንስታንት ይወጣል፤ ልዩነታቸውም ኮንስታንት ስለሆነ በቀኝ በኩል አንዲት C ብቻ እንጽፋለን።

ለP ስናካፍል ግን P ዜሮ አይደለም ብለናል። P = 0 ራሱም የእኩልነቱ መልስ ነው፤ ሰው ከሌለ አይጨምርም። ስናካፍል ትጠፋለች፣ በመጨረሻ A = 0 ስንፈቅድ ትመለሳለች። ln|P| ላይ ያለው ፍጹም ዋጋ ደግሞ ለሕዝብ ቁጥር አያስቸግርሽም፣ P ሁልጊዜ ከዜሮ በላይ ነውና። በሌላ ጥያቄ ላይ ግን አትርሺው።

አሁን ወደ ሦስተኛው ቁጥር። ከ1987ቱ በፊት በግንቦት 1976 ቆጠራ ነበር። ኤርትራን ሳይጨምር ውጤቱ 39.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከጥቅምት 1987 ወደ ኋላ 10 ዓመት ከ5 ወር ስለሆነ t = −10.4 እናስገባ፦

P = 53.5 · e^(0.0256 × (−10.4)) = 53.5 × 0.766 ≈ 41.0

ከቆጠራው 1.1 ሚሊዮን ያህል በለጠ። የኢንቴግራል ስህተት የለብንም፤ ያልጸናው k ነው። ከ1976 እስከ 1987 ያለውን ለብቻው ብትሠሪው k = ln(53.5/39.9)/10.4 ≈ 0.0282 ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባለው ጊዜ ደግሞ 0.0256። የእድገቱ ምጣኔ እየቀነሰ መጥቷል ማለት ነው። k ቋሚ ነው ብለን ስንነሳ ይህን ማየት አንችልም።

ደስ የሚለው ነገር k በጊዜ ቢለዋወጥም መንገዱ ያው መሆኑ ነው። k በአንድ ልክ እየቀነሰ ሄደ እንበል። 0.0282ን በመጀመሪያው ዘመን መካከል፣ 0.0256ን በሁለተኛው ዘመን መካከል ብናስቀምጥ፣ በመካከላቸው 11.5 ዓመት አለ። በዓመት 0.000226 ያህል ይቀንሳል ማለት ነው። t = 0 ላይ ደግሞ 0.02703 ይሆናል፦

(1/P) · dP/dt = 0.02703 − 0.000226t

P ያለበት ሁሉ በግራ፣ t ያለበት ሁሉ በቀኝ ነው። ሁለቱንም ኢንቴግሬት እናድርግ፦

ln P = 0.02703t − 0.000113t² + C

P = 53.5 · e^(0.02703t − 0.000113t²)

t = −10.4 አስገቢ፣ 39.9 ይሰጥሻል። t = 12.6 አስገቢ፣ 73.9 ይሰጥሻል። አሁንም ሦስቱን ቁጥሮች ሁሉ ተጠቅመንባቸዋልና መግጠሙ አይድነቅሽ። እንዲህ ያለውን እኩልነት ወደፊት ብዙ ዓመት ለመተንበይ አልመክርሽም፤ የወሊድና የሞት መጠን በቀጥታ መስመር የሚቀንስበት ምክንያት የለም። ግን C እዚህም ከሃይሉ ጋር ወጥታ አባዢ እንደሆነች አስተውዪ። ቦታዋ አልተለወጠም።

ይህ መንገድ የሚቆምበትም ቦታ አለ። ከውጭ የሚገባ ሰው ጨምረን dP/dt = kP + m ብንል፣ m ቋሚ ከሆነ Pን ከt አሁንም መለየት ይቻላል፤ ሁለቱንም ጎን ለ kP + m ማካፈል ነው። ግራው ግን ln|kP + m| ብቻ ሳይሆን (1/k)·ln|kP + m| መሆኑን አትዘንጊ፤ ያቺን 1/k ብዙ ሰው ይረሳታል። የሚገባው ሰው ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት የሚለያይ ከሆነ፣ ለምሳሌ dP/dt = kP + t ከሆነ፣ የፈለግሽውን ያህል ብታካፍዪም ብታባዢም Pን ከt መለየት አይቻልም። ለዚያ ኢንቴግሬቲንግ ፋክተር የሚባል ሌላ ዘዴ አለ። ስለዚህ እኩልነቱን ስታገኚ ቀኙ ጎን የt ፈንክሽን በP ፈንክሽን ተባዝቶ ሊጻፍ ይችል እንደሆነ መጀመሪያ ሞክሪ። ከተጻፈ አካፍለሽ ሁለቱንም ጎን ኢንቴግሬት አድርጊ፤ ካልተጻፈ እዚህ መንገድ ላይ ጊዜሽን አታጥፊ።