ካሜራው ያሳየውን ተራኪው አይድገመው

ጥያቄ፦ «በጋዜጠኝነት ተመርቄ ለጤና ዘጋቢ ፊልሞች ትረካ ጸሐፊነት ተወዳድሬ ነበር። ለፈተና የላክሁት ስለ ኩላሊት እጥበት የሚያሳይ አጭር ክፍል ነው። ‹ትረካው ምስሉን ይደግማል፤ አስተካክለህ ላክ› ብለው መለሱልኝ። የቱ ጋ እንደደገምሁ አልታይ አለኝ። ዝም ካልሁ ደግሞ ተመልካቹ እንዴት ይረዳል? ጽሑፉንና ምስሉን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ጽሑፍዎን ከምስሉ ጋር አስተያይቼ አነበብሁት። ችግሩን ለማየት የመጀመሪያው 40 ሰከንድ ይበቃናል። ምስሉ አምስት ሾት አለው። ታካሚዋ በር ከፍታ ትገባለች፤ ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ያበጠ የክንዷ ደም ሥር በቅርብ ይታያል፤ መርፌ ተሰክቶ ደሟ በቱቦው ውስጥ ይሄዳል፤ በመጨረሻም ፊቷና የግድግዳው ሰዓት ይታያሉ። ተራኪዎ ደግሞ «ታካሚዋ ወደ እጥበት ክፍል ትገባለች። ክብደቷን ትለካለች። ነርሷም በክንዷ ላይ ካለው ያበጠ ደም ሥር ውስጥ መርፌውን በጥንቃቄ ትሰካለች» እያለ ይቀጥላል። ከዚህ ውስጥ ዓይን ያላየው አንድም ነገር የለም።

ጉዳቱ ማሰልቸት ብቻ አይደለም። ዓይን ምስሉን በቅጽበት ጨርሶ ሲያበቃ ጆሮ ግን ግሡን ይጠብቃል፤ በአማርኛ ደግሞ ግሡ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው። «ትሰካለች» የሚለው ቃል ሲደርስ መርፌው ገብቶ ደሙ ቱቦው ውስጥ መሄድ ጀምሯል። ተመልካቹ አሁን የሚያየው ደሙን ነው፤ የሚሰማው ስላለፈው መርፌ ነው። በዚያች ክፍተት ውስጥ ሁለቱንም ያጣል።

ታዲያ ምን ይባል? በእያንዳንዱ ሾት ፊት ቆመው «ድምፁን ብዘጋው ተመልካቹ የማያውቀው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሚዛኑን እንውሰድ። ሰው ሲመዘን ያየ ሁሉ የተለመደ ምርመራ ይመስለዋል። እርስዎ ግን ከሐኪሙ ጋር ያደረጉት ቃለ ምልልስ ስላለዎት ነገሩን ያውቁታል፦ በሁለት እጥበቶች መካከል የጨመረው ክብደት ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ያህል ነው። በዚያ ቀን ማሽኑ ስንት ፈሳሽ ማውጣት እንዳለበት የሚታወቀውም ከዚሁ ቁጥር ነው። ይህን ካሜራ አያሳይም። ስለዚህ ቁጥሩ በግልጽ እስኪነበብ ሁለት ሰከንድ ያህል ዝም ይበሉ፤ ከዚያ «የጨመረችው ስብ አይደለም። ኩላሊቷ ሊያስወጣው ያልቻለ ውሃ ነው» ይበል ተራኪው። ከዚህ በኋላ ተመልካቹ ያንኑ ሚዛን የሚያየው በሌላ ዓይን ነው።

ክንዱም እንዲሁ ነው። ያበጠው ደም ሥር ለማያውቅ ሰው ቁስል ወይም ሌላ በሽታ ይመስላል። «ይህ እብጠት በሽታ አይደለም። ሐኪሞች ደም ቅዳውንና ደም መላሹን ያገናኙበት ቦታ ነው።» ዓረፍተ ነገሩ «ይህ» ብሎ መጀመሩን ያስተውሉ። የሚታየው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ተይዟል፤ አዲሱ እውቀት ይከተላል፤ ግሡም አጭር ስለሆነ ሾቱ ሳይቀየር ያልቃል። እኔ ትረካን ስገመግም መጀመሪያ የማየው ይህን ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ የተዘጋው በራሱ ምስል ላይ ነው ወይስ በሚቀጥለው?

መርፌው ላይ ምንም አይጻፉ። የማሽኑ ድምፅ አለ፣ የነርሷ ድምፅ አለ፣ የታካሚዋ ፊት አለ። እርስዎ እዚህ ቦታ ስለ ማጣሪያው፣ በውስጡ ስላሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ጽፈዋል። መረጃው ትክክል ነው፤ ቦታው ግን አይደለም። መርፌ ሲገባ የሚያይ ሰው ሰውነቱ ይሸማቀቃል፤ በዚያን ጊዜ የሚነገረውን አይሰማም። ማጣሪያውን በቅርብ የሚያሳይ ምስል ካለዎት ወደዚያ ያሻግሩት፤ ከሌለዎት ይሰርዙት።

የመጨረሻው ሾት ላይ «አራት ሰዓት ትቀመጣለች» ብለዋል። ከበስተጀርባ የግድግዳ ሰዓት እየታየ ይህ ሲነገር ተመልካቹ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ከሰዓቱ ላይ መፈለግ ይጀምራል። «ለአራት ሰዓታት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ» ቢሉ ይበቃል። ድካሟን ፊቷ ስለሚናገር እርስዎ አይናገሩት። ታካሚዋ ራሷ በሚቀጥለው ቃለ ምልልስ የምትለውንም ተራኪው ቀድሞ አይንገርባት፤ ይህ ምስልን ከመድገም የባሰ ነው።

እንዲህ ሲሠራ ከ40 ሰከንዱ ውስጥ ንግግር ያለበት ከግማሽ በታች ይሆናል። አይስጉ፤ ለእንዲህ ያለ ክፍል ልኩ ነው። ርዝመቱን ለመለካት ለእንግሊዝኛ በተሠራ «በደቂቃ ይህን ያህል ቃል» በሚል ሰንጠረዥ አይመሩ። የእኛ አንድ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን ተሸክሞ ስለሚሄድ የቃላት ቁጥር ያሳስታል። ጮክ ብለው፣ በተራኪ ፍጥነት፣ በሰዓት መያዣ ያንብቡ። ስምንት ሰከንድ ለሚቆይ ሾት አምስት ሰከንድ የሚፈጅ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው።

አሁን አንድ ድንበር ላስምር፤ ይህን ሳያውቁ ወደ ሥራው ቢገቡ ሰው ይጎዳል። ምስሉ ተመልካቹ ቤቱ ገብቶ የሚሠራውን ነገር ሲያስተምር ድምፁና ምስሉ አንድ መሆን አለባቸው፤ በዚያ ቦታ መድገም ግዴታ ነው። የተቅማጥ ሕሙማን የሚጠጡትን ኦአርኤስ አዘገጃጀት ያስቡ። ተራኪው «ለአንድ ሊትር የተዘጋጀውን ከረጢት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ» ሲል እጁም ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ማድረግ አለበት። ምስሉ ለማማር ሲባል በመስታወት ብርጭቆ ቢቀረጽ እናትየዋ የምትከተለው ብርጭቆውን ነው። ድብልቁ ከመጠን በላይ ጨዋማ ይሆንና ሕፃኑን ይጎዳል። በስክሪን ላይ የሚጻፍ መጠንም እንዲሁ ነው፤ ተራኪው ወይ ቃል በቃል ያንብበው ወይ ዝም ይበል። ጽሑፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ ሲሆን ሰው አንዱንም አይዝም።

ከመላክዎ በፊት ይህን ያድርጉ። ክፍሉን ድምፅ ዘግተው ይዩና የተረዱትን ይጻፉ። ቀጥሎ ምስሉን ሸፍነው ትረካውን ብቻ ያዳምጡና የተረዱትን ይጻፉ። በሁለቱም ወረቀት ላይ የሚገኘውን ከትረካው ያውጡት። ድምፁ ብቻውን ሙሉ ታሪክ ከነገረዎት የጻፉት የሬዲዮ ዝግጅት ነው። ከዚያ ፊልሙን አይቶት ለማያውቅ ሰው ያሳዩና ከሚዛኑ ምን እንዳስታወሰ ይጠይቁት። «ተመዘነች» ካለ ዓረፍተ ነገሩ ዘግይቷል ወይም ፈጥኗል ማለት ነው፤ «ውሃው» ካለ ቦታውን አግኝቷል።

ለቀጣሪዎቹ ሲመልሱ ሙሉውን ክፍል ሳይሆን ይህንኑ 40 ሰከንድ በሦስት ዓምድ አዘጋጅተው ይላኩ፦ ምስሉ ከነሰከንዱ፣ የአካባቢው ድምፅ፣ ትረካው። ዝም ባሉባቸው ቦታዎች ዓምዱን ባዶ አይተዉት፤ «ዝምታ፣ የማሽኑ ድምፅ፣ 9 ሰከንድ» ብለው ይጻፉበት። ያን ካላደረጉ ገምጋሚው ረስተውት ነው ወይስ መርጠውት ነው የሚለውን መለየት አይችልም። የቀድሞውን ጽሑፍም ከሥር ያያይዙለት፤ የሰረዙትን ዓረፍተ ነገር ሁሉ ያየዋል።