ካርዷን ሰጥታኛለች፣ ቀጥሎስ?

«ደብረ ብርሃን በነበረው የሥራ አውደ ርዕይ የአንድ ፋብሪካ የሰው ኃይል ሠራተኛ ካርዷን ሰጥታኝ "እናይሃለን" አለችኝ። ቃለ መጠይቅ አልተባለም። ልደውል ወይስ ልጠብቅ?»

አትደውል፣ ዝም ብለህም አትጠብቅ። ካርዱ ላይ ባለው ኢሜይል ዛሬ፣ ቢዘገይ ነገ ጻፍላት። በዚያ ግርግር ስንቱን ሰው እንዳነጋገረች አስበው፣ ስምህ ብቻውን ምንም አይነግራትም። ያወራችሁትን አንድ ነገር አስታውሳት። እንዲህ በላት፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። ቅዳሜ በአውደ ርዕዩ ስለ ጥራት ቁጥጥር ሥራ ያነጋገርኩዎት የኬሚካል ምህንድስና ምሩቅ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ እችል እንደሆነ ጠይቀውኝ ነበር፤ እችላለሁ፣ የምኖረውም እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው። ሲቪዬን አያይዣለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ ምዝገባው በኢሜይል ነው ወይስ በአካል?»

በቃ። «ለቃለ መጠይቁ አመሰግናለሁ» እንዳትል፣ ገና የለማ! «ቀጠራችሁኝ ወይ» ብለህም አታስጨንቃት። የመጨረሻዋ ጥያቄ በአንድ መስመር የምትመለስ ናት፣ ለዚህም ነው መልስ የምታመጣው። የሲቪው ፋይል ደግሞ በስምህና በሥራው ዓይነት ይሰየም፣ «ሲቪ የመጨረሻ 2» የሚባል ነገር ይቅር።

ሳምንት ካለፈና ዝም ካለች፣ በዚያው ኢሜይል ላይ አንዴ አጭር ነገር ጨምር። ከዚያ በኋላ ተዋት።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ኢሜይሉ ምዝገባ አይደለም። ብዙ ልጆች «ሴትዮዋ ታውቀኛለች» ብለው ተቀምጠው ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፎ ቀኑ ሲያልፍ አይቻለሁ። የምዝገባው ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። ስለዚህ የፋብሪካውን ቴሌግራም ተከታተል፣ የትምህርት ማስረጃህን ዋናውንና ኮፒውን አዘጋጅተህ እንደማንኛውም ሰው ተመዝገብ፣ ስትመዘገብም ያኔ ጻፍላት።