ጥያቄና መልስ፦ የጠዋቷ 19

ከፋሲካ በኋላ የሚደርሱኝ መልእክቶች ስለ ጨጓራ ይሆናሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልሆኑም። አብዛኞቹ ስለ ሰዓት ናቸው። እጅ ላይ ታስሮ ስላደረው፣ ጠዋት ጠዋት HRV የሚል ቁጥር ስለሚያወጣው ሰዓት። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

«HRV ማለት የልብ ምት መለዋወጥ ነው አሉኝ። ታዲያ ሲለዋወጥ ጥሩ ነው የሚሉት ለምንድን ነው? ልብ እንደ ሰዓት ወጥ ሆኖ ቢመታ አይሻልም?»

አይሻልም። ልብሽ በደቂቃ 60 ጊዜ ይመታል ሲባል በየሰከንዱ አንዴ ይመታል ማለት አይደለም። ቁጭ በይና ጣትሽን አንገትሽ ላይ አድርገሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። አየር ስታስገቢ ምቱ ፈጠን ይላል፣ ስታስወጪ ዘግየት ይላል። ይህን የሚያደርገው በዋናነት ቫገስ የሚባለው ነርቭ ነው። ከአንጎል ተነስቶ ልብ ድረስ የሚወርድ የልብ ፍሬን በይው። ዕረፍት ላይ ስትሆኚ ፍሬኑ በየትንፋሹ ያዝ ለቀቅ ያደርጋል። በመሐል ያለው ክፍተትም ይረዝማል፣ ያጥራል። ስትታመሚ፣ ስትደነግጪ ወይም ሰውነትሽ ሥራ ሲበዛበት ፍሬኑ ይላላል። ልብ ይፈጥናል፣ ምቱም ወጥ እየሆነ ይሄዳል። ያኔ ቁጥሩ ዝቅ ይላል።

ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ አንዴ ማየት ብዙ ፍርሃት ያቀላል። በተከታታይ ምቶች መካከል ያሉት ክፍተቶች 1000፣ 1040፣ 980፣ 1030 እና 990 ሚሊሰከንድ ናቸው እንበል። እያንዳንዱ ከቀደመው በ40፣ በ60፣ በ50 እና በ40 ይለያል። እነዚህን አራት ልዩነቶች እያንዳንዳቸውን በራሳቸው አባዢ፣ አማካያቸውን ውሰጂ፣ ከዚያ ካሬ ሥሩን አውጪ። 48 ይመጣል። ይህ RMSSD ይባላል። ብዙ መሣሪያዎች ጠዋት የሚያሳዩት እሱን ነው። ልዩነቶቹ በራሳቸው እንደሚባዙ ያዢልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

«እኔ 34፣ ባለቤቴ 71። እሱ ከእኔ ጤነኛ ነው ማለት ነው?»

ማለት አይደለም። እንደ ጫማ ቁጥር ነው፣ የእሱ ለእሱ ያንቺ ላንቺ። በክርክር እንዳይጠቀምበት ይህን አሳዪው።

«የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። 46 ዓመቴ ነው። ሰዓቴ ሁልጊዜ ከ38 እስከ 47 ይሰጠኛል። ዛሬ ጠዋት ቀይ አድርጎ 19 አለኝ። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ ዝቅተኛ HRV ሞትን ይተነብያል የሚል አነበብኩ። ሆስፒታል ልሂድ?»

መጀመሪያ የላከችውን ቀን አየሁት። የፋሲካ ዕለት ነው። ደወልኩላት። የደረት ሕመም የለም፣ ትንፋሽ ማጠር የለም፣ ራስ መሳት የለም። ከእነዚህ አንዱ ቢኖር ሰዓቷ 60 ቢያሳይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ነበር የምልካት። ከዚያ ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈች ጠየቅኳት። ቤተ ክርስቲያን ቆማ አመሸች። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቤቷ ገባች። ከ55 ቀን ጾም በኋላ ዶሮ ወጥ በላች፣ ጠጅ ጠጣች፣ «ሁለት ብርሌ ብቻ»። አሥር ሰዓት ተኛች። አንድ ሰዓት ላይ ልጆቹ ቀሰቀሷት።

እንግዲህ ሰዓቷ የለካው ይህን ነው። ጠጅ አልኮል ነው፤ ሰውነት እስኪያጣራው ድረስ ፍሬኑን ያላላል፣ ልብም ይፈጥናል። ሙሉ ሆድ ይዞ መተኛት ደግሞ ልብን ያሠራዋል፣ ምክንያቱም ደም ወደ ሆድ ዕቃ በብዛት መሄድ አለበት። ሦስተኛው እንቅልፉ ነው። በሌላው ቀን ሰዓቱ ሰባት ሰዓት ያህል ለክቶ አማካዩን ይሰጣታል። ዛሬ የለካው ሦስት ሰዓት ብቻ ነው፣ ያውም ጠጁና ወጡ ሥራ ላይ እያሉ። የዕረፍት የልብ ምቷም ከ62 ወደ 71 ወጥቷል። ሁሉም አንድ ታሪክ ነው የሚናገሩት። እኔ እንኳ ከአዳር ተረኝነት በኋላ ከዚህ የባሰ አይቼ አውቃለሁ፣ ያውም ያለ ጠጅ።

አሁን ቁጥሮቹን እንይ። ከፋሲካ በፊት የነበሩት ስድስት ጠዋቶች 41፣ 46፣ 38፣ 44፣ 47፣ 40 ናቸው። አማካያቸው 43 ገደማ ነው። 19ን ስንጨምርበት የሰባቱ ቀን አማካይ 39 ይሆናል። እስከ 38 መውረድ ለእሷ የተለመደ ነው። ማለትም አስፈሪዋ ጠዋት የሳምንቱን መስመር ከለመደበት ክልል አላወጣችውም። በዚህ መለኪያ የሚሠሩ ሰዎች የአንዱን ቀን ቁጥር ትተው የሰባት ቀን አማካይ የሚመለከቱት ለዚህ ነው። ለጥ ብሎ የተኛ ጤነኛ ሰው ላይም ቢሆን ቁጥሩ በአንድ ቀን ልዩነት ብዙ ሊወርድ፣ ብዙ ሊወጣ ይችላል።

በነጋታው ያሉትን ቀናት እንድትልክልኝ ነገርኳት። 31፣ 38፣ 44። አበቃ።

ሞትን ይተነብያል የሚለውስ? ከባዶ የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1987 የታተመ አንድ የታወቀ የአሜሪካ ጥናት አለ። ሃርት አታክ ይዟቸው ከሞት የተረፉ 808 ሰዎችን ተከታትሏል። ልኬታቸው ከ50 ሚሊሰከንድ በታች የነበሩት፣ ከ100 በላይ ከነበሩት ይልቅ የመሞት ዕድላቸው አምስት እጥፍ ገደማ ነበር። ችግሩ ሰዎች ይህን 50 አንስተው ከራሳቸው 19 ጋር ማስተያየታቸው ነው። የዚያ ጥናት ቁጥር SDNN የሚባል ሌላ ስሌት ነው። የተወሰደውም 24 ሰዓት ሙሉ ደረት ላይ በተለጠፈ መቅጃ ነው። ቀኑን ሙሉ መሄዱ፣ ደረጃ መውጣቱ፣ ሌሊት መተኛቱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ስላለ ቁጥሩ በተፈጥሮው ትልቅ ነው። የተለኩትም ልባቸው ጉዳት የደረሰበት ሰዎች ናቸው። የዶሮ ወጥ ማግስት አይደለም። ኪሎሜትርን ከኪሎግራም ጋር ማስተያየት ነው።

ታዲያ መቼ ነው የማስብበት? አማካዩ ራሱ ወርዶ ሁለት ሦስት ሳምንት እዚያው ሲቀር፣ የዕረፍት የልብ ምቱም አብሮ ሲወጣ፣ ለዚህም በቂ ምክንያት ሲጠፋ። ያኔም ቢሆን ነገሩ የልብ በሽታ ነው አልልም። ደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ፣ ሥር የሰደደ የእንቅልፍ ችግር ወይም ያልዳነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህን የሚለየው ሐኪም እንጂ ሰዓት አይደለም። አንዳንዴም ቁጥሩ ወረደ ባለ በማግስቱ ጉንፋን ይከሰታል። ይህ ሲሆን አይቻለሁ። ግን ጉንፋኑን ጠብቆ መተኛት አያስፈልግም።

«አፕል ሰዓቴ 62 ይላል፣ የኦውራ ቀለበቴ 35 ይላል። የቱ ነው ውሸታም?»

ሁለቱም እውነት እየተናገሩ ነው። የአፕል ሰዓት የሚመዘግበው SDNN ነው፣ ያውም ቀንም ሌሊትም ሲመቸው በሚወስዳቸው አጫጭር ናሙናዎች። ቀለበቱ ደግሞ RMSSD ይወስድና የሌሊቱን አማካይ ይሰጥዎታል። አንዱን ይምረጡና ከራሱ ጋር ብቻ ያስተያዩት። ሌላኛውን ይሽጡት፣ ወይም ለእናትዎ ይስጡ። የለም፣ ለእናትዎ አይስጡ፤ ሌላ ደብዳቤ ይመጣብኛል።

«ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ከመጣሁ አምስት ቀኔ ነው። ቁጥሬ በግማሽ ወርዶ ቀርቷል። ውሃው ነው?»

ከፍታው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ኦክስጅኑን ለማካካስ ልብን ያፈጥናል፣ ፍሬኑንም ያላላል። በዚያ ላይ የሰዓት ልዩነቱና የአውሮፕላኑ እንቅልፍ አለ። ዘመድ ቤት የሚጠብቅዎትን ግብዣ አላነሳሁም። ሲለምዱት ቀስ በቀስ ይመለሳል። ሩጫውን ለጊዜው ቀለል ያድርጉት። የማያርፍ ራስ ምታት ወይም ትንፋሽ ማጠር ካለ፣ እንደተለመደው፣ ሐኪም ይዩ።

«አባቴ 68 ዓመቱ ነው። ሰዓት ገዛሁለት። HRV 25 የነበረው ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ከ110 በላይ ሆኗል። በጣም ደስ ብሎታል። አንዳንዴ ልቤ ይርገበገባል ይላል፣ ግን ቁጥሩ አሪፍ ስለሆነ ምንም አይደለም አይደል?»

እኔን ደስ አላለኝም። ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። ማንም ያልፈራው እሱን ብቻ መሆኑ ያስገርማል።

በራሳቸው ይባዛሉ ያልኳቸው ልዩነቶች ትዝ አሉሽ? በእነዚያ አራት ልዩነቶች ላይ አንድ የ400 ሚሊሰከንድ ዝላይ ብትጨምሪ ውጤቱ ከ48 ተነስቶ 184 ይደርሳል። አንድ ዝላይ ብቻ ነው። ሰዓቱ ላልቶ ታስሮ ስለሚንቀሳቀስ እንዲህ ያለ ስህተት ሊፈጠር ይችላል። ያለ ጊዜው ቀድሞ የሚመጣ ምትም ያደርገዋል፣ እሱ ብዙ ሰው ላይ አለ። ነገር ግን በ68 ዓመት ዕድሜ፣ ለቀናት በማይወርድ ትልቅ ቁጥር፣ ከመርገብገብ ጋር ሲመጣ መጀመሪያ መጣራት ያለበት ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው። የልብ የላይኛው ክፍል በሥርዓት መምታቱን ትቶ የሚንቀጠቀጥበት ሕመም ነው። ምቱ ያለ ቅጥ ስለሚሆን ሰዓቱ «ጥሩ ልዩነት» ብሎ ይቆጥረዋል። ቫገስ እዚያ ውስጥ የለበትም። ደም በተንቀጠቀጠው ክፍል ውስጥ ሊረጋ ይችላል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው።

አሁኑኑ የእጁን ትርታ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ ዳሰሽ ቁጠሪ። ዜማ የሌለው፣ አንዴ ቶሎ ቶሎ አንዴ ዘግየት የሚል ከሆነ ለኔ በቂ ነው። ወጥ ቢመስልሽም ግን አትተዪው፤ መጥቶ የሚሄድ ዓይነት አለ። ነገ ጠዋት ውሰጂውና ኢሲጂ ይነሣ። ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ነው። «ሳምንት ልጠብቅ» የሚል ከሆነ እኔ ነኝ ያልኩት በይው። ከዚያ በፊት ፊቱ ከዘመመ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ደረቱን ካመመው ወይም ከወደቀ ግን ነገን አትጠብቁ። በሌሊትም ቢሆን ሂዱ። ውጤቱን ጻፊልኝ።

«ከመለካቴ በፊት ቡና ብጠጣ ችግር አለው?»

ጠዋት ራስዎ የሚለኩ ከሆነ ለክተው ይጠጡ። ሌሊት ሰዓቱ ለክቶ ከጨረሰ ሦስተኛውን በረካ ቢጠጡም ያደረው ቁጥር አይቀየርም።