የቤተሰብ ስም ከየት መጣ?

«የእንግሊዞች የቤተሰብ ስም መጀመሪያ ከየት መጣ? ሁሉም የሥራ ስም ነው እንዴ?»

ሁሉም አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ጥቂት የክርስትና ስሞች እጅግ ስለተዘወተሩ በአንድ መንደር ብዙ ጆን ይገኝ ጀመር። ጸሐፊው አንዱን ከሌላው ለመለየት ቅጽል ይጨምርለታል፤ ብረት ቀጥቃጩ ስሚዝ፣ ኮረብታው ሥር የሚኖረው ሂል፣ ጸጉሩ ቡናማ የሆነው ብራውን፣ የጆን ልጅ ደግሞ ጆንሰን ተባለ።

ቅጽሉ ግን ገና የቤተሰብ ስም አልነበረም፤ ብዙውን ጊዜ ከባለቤቱ ጋር ይቀበር ነበር። መወረስ መጀመሩ የሚታወቀው ስምና ሥራ ሲለያዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1379 የነፍስ ወከፍ ግብር መዝገብ በብዙ ቦታ የሰዉ ሥራም ተጽፏል። እዚያ ላይ «ቤከር» የተባለው ሰው ሸማኔ ሆኖ ከተገኘ፣ ዳቦ ጋጋሪው አባቱ ወይም አያቱ ሳይሆን አይቀርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የከተማ ስም ላይ ነው። ዮርክ ከተማ ውስጥ ሁሉም የዮርክ ሰው ስለሆነ ስሙ ማንንም አይለይም። «ዮርክ» የሚባለው ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረው ሰው ነው። ስለዚህ የዘር ሐረግ የምትፈልግ ከሆነ፣ ስሙን የያዙትን ሰዎች መዝገብ ከከተማዋ ውጭም ፈልግ።